ከዓሣ ገበያው ጀርባ የሚዘፍነው ስፒከር፦ ዩቲዩብ ዘፈኑን በምን ያውቀዋል? ቪዲዮው ሲታገድስ ምን ይደረጋል?

ጠዋት ሀዋሳ አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ለቪዲዮ የሚሆነውን ሁሉ ያገኛል። ጀልባዎቹ ዳር ይዘው ቆሮሶው ይራገፋል፣ ቢላዋ የጨበጡ ልጆች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ የሚጣለውን ለመልቀም ከሰው እግር ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ ስፒከር አለ። ከዳር ያለው ጁስ ቤት ከነጋ ጀምሮ ዘፈን ከፍቷል። ካሜራ የያዘው ሰው ጆሮው ዓሣ ሻጯ ላይ ስለሆነ ስፒከሩን ልብ አይለውም። ዩቲዩብ ግን ልብ ይለዋል።

ለዚህ ማብራሪያ አንድ ቪዲዮ በምሳሌነት እንያዝ። ርዝመቱ 11 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ከ4፡12 እስከ 5፡47 ባለው ክፍል ዓሣ ሻጯ ትኩስ ዓሣ እንዴት እንደሚለይ ታስረዳለች፤ ስንጥቡን ገልጣ ቅላቱን ታሳያለች፣ ዓይኑ የደፈረሰውን አትግዙ ትላለች። የቪዲዮው ምርጥ ክፍል ይኸው ነው፤ የጁስ ቤቱ ዘፈን ጥርት ብሎ የገባውም እዚሁ ላይ ነው። ቪዲዮው በተጫነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከዩቲዩብ ማሳወቂያ መጣ፤ የቅጂ መብት ያለው ይዘት ተገኝቷል ይላል።

«ኮፒራይት መታኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእኛ አገር ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች «ኮፒራይት መታኝ» የሚሉት ለሁለት በጣም ለተለያዩ ነገሮች ነው። ሁለቱ ስለሚደባለቁ ሰው በማይደነገጥበት ይደነግጣል፣ ሊደነገጥ በሚገባው ላይ ደግሞ ይዘናጋል።

የመጀመሪያው ክሌም ነው። ማሽን ዘፈኑን ከመዝገቡ ጋር አመሳስሎ «ይህ የእገሌ ነው» ይላል፤ ባለመብቱ ቀድሞ የሰጠው ትእዛዝም በዚያ ቪዲዮ ላይ ይፈጸማል። ክሌም የሚነካው ያንን አንድ ቪዲዮ ነው። በቻናሉ ላይ የቅጣት ነጥብ አያስቆጥርም።

ሁለተኛው ስትራይክ ነው። ባለመብቱ በሕግ የተደነገገውን የማስወገጃ ጥያቄ አቅርቦ ቪዲዮው ሲነሳ የሚመጣ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ የተቆጠረበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል፤ አንዱ ስትራይክ የሚነሳውም 90 ቀን ሲሞላና ባለቻናሉ ዩቲዩብ ያዘጋጀውን አጭር የቅጂ መብት ትምህርት ሲጨርስ ነው።

የአሞራ ገደሉ ቪዲዮ የደረሰው ክሌም ነው። ከጀርባ የተሰማ ዘፈን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው፤ ወደ ስትራይክ የሚሸጋገርበት መንገድ ግን አለ፣ ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ዘፈኑን እንዴት ሰማው?

ሥራውን የሚሠራው ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ኮንተንት አይዲ የሚባል ሥርዓት ነው። ሙዚቃ አሳታሚዎች፣ አከፋፋዮችና ሌሎች ባለመብቶች የሥራቸውን ቅጂ ለዩቲዩብ ያስገባሉ። ከእያንዳንዱ ቅጂ «የድምፅ አሻራ» ይወጣና በመዝገብ ይቀመጣል። አዲስ ቪዲዮ ሲጫን የእሱም አሻራ ወጥቶ ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸራል።

አሻራው ግጥሙን አያነብም፣ የዘፋኙን ስምም አይጠይቅም። ዩቲዩብ የራሱን ስሌት ዝርዝር ባይገልጥም፣ ጫጫታ ውስጥ ያለ ዘፈን የሚለይበትን መሠረታዊ ዘዴ ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚናገረው የሻዛም መተግበሪያ መሐንዲስ ኤቨሪ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትሞታል። ነገሩን ለመረዳት ማታ ታቦር ተራራ ላይ መውጣት ይበቃል።

ከታቦር ላይ ሆኖ ማታ ሀዋሳን የሚያይ ሰው ቤቶቹን አይለይም፤ የሚያየው ደማቅ ደማቆቹን መብራቶች ብቻ ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ግን ከመብራቶቹ አቀማመጥ ተነስቶ «ይኼ የሐይቁ ዳር መንገድ ነው፣ ያ ደግሞ ፒያሳ ነው» ይላል። ጉም ወርዶ ግማሹን ቢሸፍነው እንኳ የቀሩት መብራቶች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ስላልተለወጠ ሀዋሳ መሆኗ አይጠፋውም።

የዘፈን «መብራቶች» በየቅጽበቱ ጎልተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ማሽኑ ድምፁን በጣም ትንንሽ ቁራጭ አድርጎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የትኛው ቅጥነት ወይም ውፍረት ያለው ድምፅ እንደገነነ ይመዘግባል። ደካማውን ሁሉ ይጥላል፣ ጎላ ጎላ ያለውን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ ነጥቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስራቸዋል፦ «ይህ ድምፅ፣ ከዚያ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ ያ ድምፅ»። እያንዳንዱ ጥንድ ወደ አጭር ቁጥር ይለወጣል። ቁጥሩን በግዙፍ መዝገብ ውስጥ መፈለግ በመዝገበ ቃላት ቃል እንደመፈለግ ፈጣን ነው።

አንድ ጥንድ ብቻ ቢገጥም ምንም ማለት አይደለም፤ በሺህ ዘፈኖች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሚያረጋግጠው የጊዜው አሰላለፍ ነው። በእኛ ቪዲዮ 4፡12 ላይ የተሰማው ጥንድ በመዝገቡ ዘፈን 1፡05 ላይ አለ እንበል። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። 4፡13 ላይ ያለው ደግሞ ከዘፈኑ 1፡06 ጋር ከገጠመ ልዩነቱ አሁንም 3፡07 ነው። 4፡20 ከ1፡13 ጋር፣ 4፡31 ከ1፡24 ጋር፣ ሁሉም በዚያው በ3፡07 ልዩነት ከተሰለፉ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም። ማሽኑ ማመሳከሪያውን አገኘ ማለት ነው። ክሌሙ «ከ4፡12 እስከ 5፡47» ብሎ በሰከንድ ለይቶ የሚያስቀምጠውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የዓሣ ሻጯ ድምፅ፣ የሞተር ጀልባው ጩኸት፣ የደንበኞቹ ክርክር ጉም መሆናቸው ነው። ከዘፈኑ ነጥቦች አንዳንዶቹን ይሸፍናሉ፣ የራሳቸውንም ይጨምራሉ። የተጨመሩት ግን በ3፡07 ስለማይሰለፉ ይጣላሉ። የዘፈኑን ድምፅ ዝቅ ማድረግም የሚታሰበውን ያህል የማያድነው ለዚህ ነው፤ መብራቶቹ ሁሉ እኩል ሲደበዝዙ አቀማመጣቸው አይለወጥም። ዘፈኑ ከማሽኑ የሚሰወረው ሌላው ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሲውጠው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለተመልካቹም አይሰማም።

ከዚያው ስፒከር ከ7፡00 በኋላ የወጣው ሌላ ዘፈንስ ለምን አልተያዘም? ምናልባት ማንም ቅጂውን ለመዝገቡ አላስገባም። የድሮ ካሴቶች፣ በየሠፈሩ የተቀረጹ የሰርግ ዘፈኖች እንዲህ ያልፋሉ። ማለፉ ግን ፈቃድ አይደለም። ባለመብቱ ከስድስት ወር በኋላ ቅጂውን ቢያስገባ ዩቲዩብ ቀድሞ የተጫኑ ቪዲዮዎችንም ስለሚፈትሽ ሰላም የኖረ ቪዲዮ ድንገት ክሌም ሊመጣበት ይችላል። «ዓመት ሙሉ ዝም ብሎኝ ዛሬ ምን ነካው?» ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

«ከአምስት ሰከንድ በታች ይፈቀዳል» የሚባለውስ?

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። አምስትም፣ አሥርም፣ ሠላሳም ሰከንድ ተብሎ የተፈቀደ መጠን የለም። አጭር ቁራጭ ሳይያዝ የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ ወሬው ይራባል እንጂ፣ ማለፉ የማሽኑ ጉዳይ ነው።

ከቪዲዮው ሥር «የዘፈኑ መብት የእኔ አይደለም» ብሎ መጻፍም፣ የዘፋኙን ስም በክብር መጥቀስም ፈቃድን አይተካም። እንዲያውም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያልተፈቀደልህን መጠቀምህን በጽሑፍ ከማመን የሚለይ አይመስልም። ካሴቱን ወይም ሲዲውን መግዛትም የሚሰጠው የማዳመጥ መብት ነው።

ዜማው የሕዝብ ከሆነ የማን ንብረት ይሆናል?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ የተቀረጸ ዘፈን ሲሰማ ቢያንስ ሁለት ነገር አለ፦ ግጥሙና ዜማው፣ እንዲሁም ያ የተወሰነ ቅጂ፣ ማለትም ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲውን በቅጂ መብት፣ ከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩን በተዛማጅ መብት ለይቶ ይጠብቃል።

ስለዚህ ትዝታ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም ክራሩን አንስቶ ሊጫወተው ይችላል። ነገር ግን እገሌ በእገሌ ስቱዲዮ የቀዳው የትዝታ ቅጂ ባለቤት አለው። የጁስ ቤቱ ስፒከር የሚያሰማው ያንን ቅጂ ነው። መዝሙርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ይዘቱ መንፈሳዊ መሆኑ ቅጂውን ባለቤት አልባ አያደርገውም።

የስህተት ክሌም የሚወለደውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ማሽኑ ሁለት ድምፅ አንድ ናቸው ሲል እምብዛም አይሳሳትም። የሚሳሳተው መዝገቡ ነው። አንድ አቀናባሪ ለሁሉም ሰው ከሚሸጥ የድምፅ ስብስብ የከበሮ ምት ገዝቶ ዘፈኑ ውስጥ ካስገባና ዘፈኑ «ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያንኑ ምት በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሌላ ሰው ክሌም ይመጣበታል። ድምፁ በእርግጥ አንድ ነው፤ ባለቤትነቱ ነው ያልተጣራው። እንዲህ ያለውን የሚፈታው ሰው ነው፣ በአቤቱታ።

ቪዲዮው ላይ በትክክል ምን ይደርሳል?

ይህን የሚወስነው ባለመብቱ ቅጂውን ሲያስገባ የሰጠው ትእዛዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፦ ቪዲዮው እንዲታይ ትቶ የተመልካች ቁጥሩን መከታተል፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን መውሰድ፣ ወይም ማገድ። ትእዛዙ በየአገሩ ሊለያይ ይችላል። በዚህ የተነሳ አንድ ቪዲዮ ሀዋሳ ላይ ያለ ችግር እየታየ ዋሽንግተን ያለችው አክስት ግን «አይከፈትልኝም» ልትል ትችላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ገቢው ከተወሰደ ብዙዎችን የሚያናድድ አንድ ነገር አለ። ዘፈኑ ከ11፡20 ውስጥ የቆየው 1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ቢሆንም፣ በተለመደው አሠራር ክሌሙ የሚይዘው የቪዲዮውን የማስታወቂያ ገቢ በሙሉ ነው፤ በሰከንድ ተሰልቶ አይከፈልም። ቻናሉ ገና ገቢ የማያገኝ ቢሆንም ባለመብቱ ማስታወቂያ ሊያስገባበት ይችላል።

እገዳ ሲሆን ቪዲዮው ከባለቻናሉ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ገጽ አይጠፋም። ተመልካቹ ግን ሊንኩን ሲከፍት በጥቁር ገጽ ላይ በቅጂ መብት ምክንያት መታገዱን የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ያያል። ከቪዲዮው ተቆርጦ በሾርትስ ለሚጫን ቁራጭ ደግሞ የበለጠ ጥብቅ ነው፦ ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ሾርትስ ክሌም ካለበት በዓለም ዙሪያ ይታገዳል። ያንን የዓሣ መምረጫ ክፍል 1፡20 አድርጎ በሾርትስ ለማውጣት ያሰበ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል፤ ረጅሙ ቪዲዮ በማስታወቂያ ብቻ አልፎ አጭሩ ሊታገድ ይችላልና።

ድምፅን ማጥፋት ከዚህ የተለየ ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ድምፅ ማጥፋት በአመዛኙ ባለቻናሉ ራሱ ከክሌም ለመውጣት የሚመርጠው መፍትሔ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን መድረኩ ራሱ ድምፁን ያጠፋል፤ ተመልካቹ የዓሣ ሻጯን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ ምንም አይሰማም። ፌስቡክ ለዚህ የሚጠቀምበት ራይትስ ማናጀር የሚባለው መሣሪያ በመርህ ደረጃ ከኮንተንት አይዲ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ደግሞ ስርጭቱ ራሱ መሃል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ስፒከር ካለበት ቦታ ላይቭ መግባት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ዓሣ ሻጯን ሳናጣ ዘፈኑን ማውጣት ይቻላል?

ወደ ቪዲዮአችን እንመለስ። በኮምፒውተር ዩቲዩብ ስቱዲዮ ተከፍቶ በግራ በኩል `Content` ይመረጣል። ከቪዲዮው ትይዩ `Restrictions` በሚለው ዓምድ ሥር `Copyright` ተብሎ ይታያል፤ ጠቋሚውን እዚያ ላይ አድርጎ `See details` ሲጫኑ የዘፈኑ ስም፣ የጠያቂው ስም፣ የተያዘው ሰዓት፣ እንዲሁም ቪዲዮው ላይ የደረሰው ነገር ይዘረዘራል። እዚህ ገጽ ላይ ሳይቸኩሉ ማንበብ ያዋጣል። «ታግዷል» የሚለው በሁሉም አገር ነው ወይስ በአንዳንዱ? አንድ ክሌም ነው ወይስ ሁለት? ለዜማው አንድ፣ ለቅጂው ሌላ ጠያቂ ሊኖር ይችላል፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን የረሳ ሰው «አስተካክዬው ለምን አልተከፈተም?» እያለ ይቀመጣል።

ከዚያ የእርምጃ ምርጫዎቹ ይመጣሉ። `Trim out segment` ክፍሉን ከነምስሉ ቆርጦ ይጥላል፤ የእኛ ቪዲዮ ከ11፡20 ወደ 9፡45 ይወርዳል፣ ዓሣ ሻጯም አብራ ትሄዳለች። `Replace song` ከዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ሙዚቃ ይተካል፤ ምስል ብቻ ለሆነ ክፍል ጥሩ ነው፣ ሰው ለሚናገርበት ግን ንግግሩንም ይዞ ሊሄድ ስለሚችል አይመችም።

ለኛ የሚሆነው `Erase song` ነው። ዘፈኑን ብቻ አውጥቶ ንግግሩን ለመተው ይሞክራል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን መሣሪያ አሻሽሎታል፣ ግን ተአምር አይሠራም። ሁልጊዜ ውጤቱን በጆሮ ማዳመጫ መስማት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚበላሸው የቃላት መጨረሻ ነው፤ «ስንጥቡ ቀይ ከሆነ» የሚለው «ስንጥቡ ቀ…» ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ድምፁ ከጀሪካን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ስፒከሩ ከማይኩ ቅርብ በነበረ ቁጥር መለየቱ ይከብዳል፤ አንዳንዴም መሣሪያው ዘፈኑን ማውጣት አይችልም።

ያን ጊዜ የሚቀረው `Mute all sound` ነው። 1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ፍጹም ጸጥታ። ይህን ከመምረጥ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ የተናገረችውን በቪዲዮው የጽሑፍ ትርጉም ቦታ ላይ በአማርኛ ማስገባት ክፍሉን ያድነዋል፤ እጇ ስንጥቡን ሲገልጥ ይታያል፣ ቃሏ ከሥር ይነበባል። እውነቱን ለመናገር የዓሣ ሥራን የመሰለ በዓይን የሚታይ ነገር እንዲህም ሆኖ ይገባል።

ለውጡ ሲቀመጥ ቪዲዮው እንደገና ይሰናዳል። ይህ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ወዲያው አልተነሳም ብሎ ደጋግሞ መነካካት አያስፈልግም። ተሳክቶ ዘፈኑ ከወጣ ክሌሙ ይነሳል፤ ሊንኩ፣ የተመልካች ቁጥሩና አስተያየቶቹም ባሉበት ይቆያሉ። ቪዲዮውን አጥፍቶ በራስ ኤዲት አስተካክሎ እንደገና መጫን የተሻለ ጥራት ሊሰጥ ይችላል፣ ግን ዩቲዩብ በነባሩ ሊንክ ላይ አዲስ ፋይል መተካት ስለማይፈቅድ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ቪዲዮው ከተጫነ አሥር ደቂቃው ከሆነ እንደገና መጫን ይሻላል። አርባ ሺህ ሰው ካየው ግን እዚያው ማስተካከል ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተር አለመደምሰስ ነው።

አቤቱታ ማቅረብ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጥያቄው አንድ ነው፦ ማስረጃ አለዎት? ከባለመብቱ የተጻፈ ፈቃድ፣ ሙዚቃውን የገዙበት ደረሰኝና ውል፣ ወይም ድምፁን ራስዎ የቀዱት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለ አቤቱታው ለእርስዎ የተሠራ ነው። ከሚሟገቱት ውስጥ የሚያሸንፉት ይበዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከ722 ሚሊዮን በላይ ክሌሞች ተመዝግበው አቤቱታ የቀረበባቸው 3.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ እንደነበሩ፣ ከእነዚህም 60 በመቶ ያህሉ ለጫኚው እንደተፈረዱ ዩቲዩብ ባወጣው ሪፖርት ገልጿል።

አቤቱታው ሲገባ ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌሙ ይወድቃል። ካልተቀበለ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለይግባኙ የሚሰጠው ጊዜ 7 ቀን ነው። ቪዲዮው የታገደ ከሆነ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ይግባኝ ማለት ይፈቀዳል፣ ስለዚህ 30 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ገቢ የሚያገኝ ቻናል ደግሞ አምስተኛዋን ቀን ሊያስታውስ ይገባል፦ ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ አቤቱታ ካቀረበ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ለአሸናፊው ይሰጣል፤ ከዘገየ ግን የሚያዘው አቤቱታው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

ቀደም ሲል የተባለው የስትራይክ በር የሚከፈተው አቤቱታው ወይም ይግባኙ ላይ ነው። ጠያቂው አቤቱታውን ወይም ይግባኙን ካልተቀበለና የማስወገጃ ጥያቄ ካቀረበ፣ ተቀባይነት ሲያገኝ ቪዲዮው ይነሳል፣ ስትራይክም ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባለቻናሉ «ቪዲዮው የተነሳው በስህተት ነው» ብሎ የሚያቀርበው የሕግ ይዘት ያለው የመልስ ማሳወቂያ ነው፤ ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። በማሳወቂያው ላይ እውነተኛ ስምና አድራሻ ይጻፋል፣ ለጠያቂውም ይደርሳል።

የአሞራ ገደሉ ቀራጭ ይህን መንገድ ሊሄድበት አይገባም። ዘፈኑን አልቀዳውም፣ አልገዛውም፣ «ሳላስበው ነው የገባው» ማለቱ እውነት ቢሆንም የፈቃድ ማስረጃ አይሆንም። ጁስ ቤቱ «ችግር የለም፣ ተጠቀምበት» ቢለውም ያው ነው፤ ጁስ ቤቱ የስፒከሩ ባለቤት ነው እንጂ የዘፈኑ አይደለም። አንድ ዘፈን ለማትረፍ ብሎ ቻናልን ለስትራይክ ከማጋለጥ 1 ደቂቃ ከ35 ሰከንዷን ማስተካከል ይሻላል።

ቀረጻው ላይ እያለ ምን ይደረግ?

ኤዲት ላይ ሰዓታት የሚፈጀው ነገር ገበያው ላይ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ጁስ ቤቱ ገብቶ አንድ ስፕሪስ አዝዞ «ወንድሜ፣ ለአሥር ደቂቃ ዝቅ አድርግልኝ» ማለት ነው፤ ዝቅ ማለቱ ብቻ ስለማያድን ቢያጠፋው ይመረጣል። እምቢ ካለ ከደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ዓሣ ሻጯ ላይ አድርጎ፣ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ እንድትቆም ማድረግ ይረዳል። ማይኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ሲርቅና ስፒከሩ ከሃያ ሜትር ወዲያ ሲሆን ዘፈኑ በድምፇ ሥር የመዋጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ቢያዝ እንኳ `Erase song` ሊለየው ይቀለዋል።

ሁለተኛው ልማድ ዘፈን በሌለበት ሰዓት አንድ ሁለት ደቂቃ የገበያውን ድምፅ ብቻ መቅዳት ነው፦ የውሃው መንቋቋት፣ የቢላዋው ፍቅፍቅታ፣ የሻጮቹ ጥሪ። ሰው በማይናገርባቸው ምስሎች ላይ በዘፈን የተበከለውን ድምፅ አውጥቶ ይህን መተካት ይቻላል፤ ተመልካቹም ልዩነቱን አያውቅም።

የመጨረሻው ከመጫን ጋር የተያያዘ ነው። ቪዲዮው ሲጫን መጀመሪያ `Private` ወይም `Unlisted` ይደረግና `Checks` የሚለው ደረጃ እስኪያልቅ ይጠበቃል። የቅጂ መብት ምርመራው እዚያው ላይ ውጤቱን ያሳያል። ሊንኩ ለማንም ሳይላክ፣ ተመልካች ሳይቆጠር፣ ችግር ካለ ፋይሉን አጥፍቶ አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። የአሞራ ገደሉ ቪዲዮ እንዲህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ 4፡12 ላይ ያለው ቢጫ ምልክት የሚታየው ለቀራጩ ብቻ ነበር።